የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫችሁ መዝጊያ ከመነሻው ይወጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐምሌ ሲገባ ድሬዳዋ ላይ ሂሳብ የሚዘጋ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «መዝጊያው አልገጥም አለኝ»። ከዚህ በታች ያሉት በተለይ ከትናንሽ ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ማኅበሮች የሂሳብ ሠራተኞችና ከባለቤቶቻቸው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። አብዛኞቹን በአንድ ምሳሌ ነው የምመልሳቸው። ምሳሌው እኔ ያበጀሁት ነው፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲቀሉ የተጠጋጉ ናቸው።

መዝጊያው «ይገጥማል» የሚባለው መቼ ነው?

ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ የዘንድሮው መነሻ ኦዲት ተደርጎ ከተፈረመው የአምናው መግለጫ መዝጊያ ጋር እኩል መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ መነሻው ላይ በዓመቱ የተዘረዘሩት ገቢዎች ተደምረው፣ ወጪዎቹ ተቀንሰው መዝጊያው መምጣት አለበት። ሦስተኛ፣ ያ መዝጊያ ባላንስ ሺቱ ላይ ካለው የካዝናና የባንክ ድምር ጋር መገናኘት አለበት።

ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ አይቶ ይነሳል። መደመሩ ትክክል ሆኖ መነሻው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መግለጫ ግን ብዙ ነው። በዚያ ላይ የፍሰቱ ድምር ራሱ ከባላንስ ሺቱ ወደ ኋላ ተሰልቶ የገባ ከሆነ ሁለተኛው ፍተሻ ምንም አይነግራችሁም። ሁልጊዜም ይገጥማል፤ እንዲገጥም ተደርጎ ነዋ የተሠራው።

በምሳሌ አሳየኝ።

ከዚራ ቢሮ ያለው አንድ ድርጅት አለ እንበል። ከሐረማያ ዙሪያ ድንችና ሽንኩርት ይሰበስባል፤ ከፊሉን እዚሁ ይሸጣል፣ ከፊሉን ወደ ጅቡቲ ይልካል። ስለዚህ ከብር አካውንቱ ሌላ የዶላር አካውንት አለው። የበጀት ዓመቱ 2017 ነው፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017።

ዓመቱ ሲጀመር ካዝና ውስጥ 60,000 ብር፣ ባንክ ውስጥ 1,200,000 ብር፣ በዶላር አካውንቱ ደግሞ 10,000 ዶላር ነበረው። ዶላሩን በጊዜው ምንዛሪ በ57 ብር ብናሰላው 570,000 ብር ይሆናል። ጠቅላላ መነሻ 1,830,000 ብር።

የሂሳብ ሠራተኛው ያቀረበው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

ከደንበኞች የተሰበሰበ 9,450,000
ለአቅራቢና ለሠራተኛ የተከፈለ (8,120,000)
የተከፈለ ግብር (310,000)
ማቀዝቀዣ ክፍል የተገዛበት (1,450,000)
ከአሮጌ መኪና ሽያጭ 380,000
ከባንክ የተወሰደ ብድር 900,000
ከብድሩ ዋና ገንዘብ የተመለሰ 240,000
ለባለድርሻዎች የተከፈለ ትርፍ (150,000)

በቅንፍ ያለው ወጪ ነው። ድምሩ 940,000 ብር ጭማሪ ይሰጣል። መነሻው ላይ ሲጨመር 2,770,000 ይሆናል። ባላንስ ሺቱ ግን 3,070,000 ነው የሚለው፤ ካዝና 50,000፣ የብር አካውንት 1,670,000፣ የዶላር አካውንት ደግሞ 10,000 ዶላር በሰኔ 30 ምንዛሪ በ135 ብር ሲሰላ 1,350,000። ልዩነቱ 300,000 ብር ነው።

ዝርዝሩን አንዴ ረጋ ብላችሁ ብታዩት አንዱ ስህተት ዓይን ውስጥ ይገባል። ግን ሰው ሰኔ 30 አልፎት፣ ኦዲተሩ ደጅ ቆሞ፣ ረጋ ብሎ አያይም።

ልዩነቱን ለሁለት አካፍለህ ያንን ቁጥር ፈልግ ተብዬ ነበር። ይሠራል?

ይሠራል፤ ግን ስህተቱ አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ወጪ መሆን የነበረበትን 100 ብር ገቢ አድርጋችሁ ከደመራችሁት ድምሩ በ200 ይዛባል። ስለዚህ የልዩነቱ ግማሽ ምልክቱ የተገለበጠውን መስመር ይጠቁማል።

አሁን በምሳሌያችን ላይ ሞክሩት። የ300,000 ግማሽ 150,000 ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ ልክ 150,000 የሆነ መስመር አለ፤ ለባለድርሻዎች የተከፈለው ትርፍ። ቅንፉን አንስታችሁ ገቢ ብታደርጉት መዝጊያው 3,070,000 ሆኖ ቁጭ ይላል። አንድ ሳንቲም እንኳ አይተርፍም።

እና ስህተት ነው። ድርጅቱ ለባለድርሻዎቹ ከፈለ እንጂ እነሱ ለድርጅቱ አልከፈሉም። ቃለ ጉባኤው አለ፣ የባንኩ የክፍያ ማስረጃ አለ። ቁጥሩ የገጠመው በአጋጣሚ ነው። ግማሽ የመፈለጉ ዘዴ የት እንደምታዩ ይጠቁማችኋል እንጂ ምን እንደምታስተካክሉ አይነግራችሁም። መስመሩን ከመንካታችሁ በፊት ደረሰኙን አውጡ።

ታዲያ ስህተቱን እንዴት ነው የማገኘው?

ድምሩን በጅምላ ማሳደድ ትታችሁ አካውንት በአካውንት ሂዱ። ለእያንዳንዱ አካውንት ለየብቻ «ስንት ይዞ ጀመረ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ይዞ ዘጋ» ብላችሁ ጻፉ። ካዝናውን ለብቻ፣ የብር አካውንቱን ለብቻ፣ የዶላሩን ለብቻ።

ከዶላሩ እንጀምር። ዓመቱን ሙሉ አንድም ዶላር አልገባበትም፣ አልወጣበትም። በ10,000 ጀመረ፣ በ10,000 ዘጋ። በብር ግን ከ570,000 ወደ 1,350,000 ሄዷል። የ780,000 ብር ለውጥ አለ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ ለዚህ የሚሆን አንድም መስመር የለም። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፤ የተረሳ መስመር።

አሁን ዶላሩን ወደ ጎን አድርጉት። የቀሩት ካዝናና የብር አካውንቱ ናቸው። መነሻቸው 1,260,000፣ መዝጊያቸው 1,720,000። በእውነት የጨመረው 460,000 ብር ብቻ ነው። ዝርዝሩ ግን 940,000 ጨመረ ይላል። ልዩነቱ 480,000 ሆነ። ግማሹ 240,000። ዝርዝሩ ውስጥ 240,000 የት አለ? «ከብድሩ ዋና ገንዘብ የተመለሰ» ላይ፣ ያለ ቅንፍ። ተመለሰ የተባለ ገንዘብ እንዴት ገቢ ይሆናል? የባንኩን የብድር ስቴትመንት ስታዩት ክፍያው ወጥቷል። ሁለተኛው ስህተት እሱ ነው።

ሁለቱ ስህተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ነበሩ። አንዱ ድምሩን በ780,000 አሳነሰ፣ ሌላው በ480,000 አበዛ። እየተሸፋፈኑ 300,000 ብቻ አሳዩን። ለዚህ ነው ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ስህተቱም ትንሽ ነው ማለት የማይቻለው። ኦዲተሮች በትንሽ ልዩነት ሲከራከሩ ነገር ፍለጋ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም፤ ከትንሿ ቁጥር ጀርባ ሁለት ትላልቅ ቁጥሮች ተያይዘው ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቁ ነው።

ሲስተካከል እንዲህ ይሆናል። ከሥራ እንቅስቃሴ የመጣው 1,020,000፤ በኢንቨስትመንት የወጣው 1,070,000፤ ከፋይናንስ የገባው 510,000። የተጣራ ጭማሪ 460,000። መነሻው 1,830,000 ሲጨመርበት 2,290,000። የምንዛሪ ለውጡ 780,000 ሲታከል 3,070,000። አሁን የገጠመው በአጋጣሚ አይደለም።

በዶላሩ ላይ የገባ ገንዘብ የለም። ለምንድን ነው መግለጫው ላይ የሚጻፈው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ባለቤቶች በጣም ያነሱታል። ልክ ናችሁ፣ የምንዛሪ ለውጥ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት አይደለም። ማንም አልከፈላችሁም። ነገር ግን መነሻው በ57 ብር ተሰልቶ፣ መዝጊያው በ135 ብር ከተሰላ፣ በመካከል ያለውን ክፍተት የሚያስረዳ መስመር ከሌለ ሁለቱ ጫፎች ሊገናኙ አይችሉም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ስታንዳርድ አይኤኤስ 7 ይህ ለውጥ ከሥራ፣ ከኢንቨስትመንትና ከፋይናንስ ክፍሎች ተለይቶ፣ ከእነሱ በታች፣ ለብቻው እንዲታይ ያዛል። ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ መደበቅ አይቻልም።

በቀደሙት ዓመታት ይህ መስመር ለብዙ ድርጅት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ተረስቶም የሚመጣው ልዩነት ከትልቁ ድምር አንጻር ዓይን አይስብም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ግን የብር ዋጋ በአጭር ጊዜ ውስጥ በእጅጉ ወረደ። ያ ቀን ደግሞ የበጀት ዓመቱ በተጀመረ በአራተኛው ሳምንት ላይ ነው ያረፈው። ስለዚህ የ2017 መነሻ በአሮጌው ምንዛሪ፣ መዝጊያው በአዲሱ ነው። የዶላር ወይም የዩሮ አካውንት ያለው ድርጅት የ2017 መግለጫ ላይ ይህ መስመር ከሌለ፣ ሌላ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት እሱን ጠይቁ።

ዶላሩ በዓመቱ ውስጥ ቢንቀሳቀስስ?

ስሌቱ ትንሽ ይረዝማል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ዓመቱን የጀመራችሁበት ዶላር በመነሻና በመዝጊያ ምንዛሪ ልዩነት ይባዛል። በመካከል የገባው ደግሞ በገባበት ቀንና በመዝጊያው ምንዛሪ ልዩነት ይባዛል። የወጣው ካለ በተመሳሳይ መንገድ ይቀነሳል።

ለምሳሌ ያ ድርጅት ከጅቡቲ ደንበኛው 4,000 ዶላር ተቀበለ እንበል፤ ምንዛሪው 120 ብር በነበረበት ቀን። ከደንበኛ የተሰበሰበ ተብሎ 480,000 ብር ተመዝግቧል። ሰኔ 30 ላይ አካውንቱ 14,000 ዶላር፣ በብር 1,890,000 ይሆናል። የምንዛሪ ለውጡ ከመጀመሪያው 10,000 ዶላር 780,000፣ ከአዲሱ 4,000 ዶላር 60,000፣ በድምሩ 840,000 ነው። ፈትሹት፦ 570,000 ሲደመር 480,000 ሲደመር 840,000፣ 1,890,000 ይመጣል።

የዓመቱን አማካይ ምንዛሪ ወስዶ ሁሉንም በእሱ መምታት ይቀላል። ስታንዳርዱም አማካዩ ከዕለቱ ምንዛሪ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ይፈቅዳል። 2017 ግን እንዲህ ያለ ዓመት አልነበረም። ብዙ ግብይት ያለው ሰው ቢያንስ በየወሩ አማካይ ይጠቀም፤ ጥቂት ግብይት ያለው ደግሞ በዕለቱ ምንዛሪ ይሥራው። ሐምሌ 2016ን ግን በወሩ አማካይም ባትነኩት ይሻላል፤ ከ22 በፊትና በኋላ ሁለት የተለያዩ ወራት ናቸው ማለት ይቀላል።

እሺ፣ ገጠመ። ጨረስኩ ማለት ነው?

አይደለም። ይሄኛው ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነው።

ብዙ ድርጅቶች የሥራ እንቅስቃሴውን ክፍል ከትርፍ ተነስተው ነው የሚሠሩት፤ በተዘዋዋሪ ዘዴ። ትርፉን ይወስዱና ጥሬ ገንዘብ ያልሆኑትን፣ እንደ እርጅና ቅናሽ ያሉትን፣ ያስተካክላሉ። የዶላሩ 780,000 ብር በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ የምንዛሪ ትርፍ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ ትርፉ ውስጥ አለ። በማስተካከያው ላይ ካልተቀነሰ ከሥራ የመጣው ገንዘብ 1,020,000 መሆኑ ቀርቶ 1,800,000 ይሆናል።

አሁን ከታች ያለውን የምንዛሪ መስመርም ረሱት እንበል። ድምሩን ሥሩት። 1,800,000 ሲቀነስ 1,070,000 ሲደመር 510,000፣ 1,240,000 ይመጣል። መነሻው 1,830,000 ሲጨመር፣ 3,070,000። ገጠመ!

መግለጫው ግን ውሸት ይናገራል። ድርጅቱ ድንችና ሽንኩርት ሸጦ 1,800,000 ብር አስገባ ይላል፤ ያስገባው 1,020,000 ነው። ብድር የሚጠየቅበት ባንክ ዋናው የሚያየው ይህን ቁጥር ነው፤ ዕዳውን ከሥራው መክፈል ይችላል ወይ የሚለውን። መግጠሙ ድምሩን እንጂ ክፍፍሉን አይመሰክርም። አንድ ወጪ ከኢንቨስትመንት ወደ ሥራ ቢዛወርም እንዲሁ ነው፤ መዝጊያው ንቅንቅ አይልም።

ሌላም አለ። ባንኩ ብድሩን ለእናንተ ሳይሰጥ በቀጥታ ማቀዝቀዣውን ለሸጠው ሰው ከፍሎ ቢሆን፣ ገንዘቡ በእጃችሁ አላለፈም። ብድሩም ግዢውም በዝርዝሩ መግባት የለባቸውም፤ በማብራሪያ ነው የሚጠቀሱት። ሁለቱንም ብታስገቡ ይጣፋሉና መዝጊያው አሁንም ይገጥማል። ይህን የሚይዘው የብድር ውሉን ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

መነሻዬ ከአምናው መዝጊያ ጋር አይገናኝም። የትኛውን ልያዝ?

የተፈረመውን። በአብዛኛው የሚሆነው እንዲህ ነው፦ የሂሳብ ሠራተኛው መነሻውን ከራሱ ፋይል ገልብጦ ያመጣል። ፋይሉ ደግሞ ኦዲተሩ ማስተካከያ ከማድረጉ በፊት የነበረው ረቂቅ ነው። ማስተካከያዎቹ በመዝገቡ ላይ ስላልተመዘገቡ ዘንድሮ በድሮው ቁጥር ይጀመራል። መፍትሔው መነሻውን ቀይሮ መሄድ ብቻ አይደለም፤ የአምናዎቹ ማስተካከያዎች ወደ መዝገቡ መግባት አለባቸው። ያለዚያ ልዩነቱ መዝጊያው ላይ ተመልሶ ይመጣባችኋል።

የተፈረመው ራሱ ስህተት ከሆነ ግን ዝም ብሎ አዲስ መነሻ መጻፍ የለም። የአምናው ቁጥር ተስተካክሎ፣ ለምን እንደተስተካከለ በማብራሪያ ተገልጾ ነው የሚቀርበው።

የባንክ ስቴትመንቱ 1,735,000 ይላል፣ መግለጫዬ 1,670,000። የቱ ነው ትክክል?

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። መግለጫው ላይ የሚገባው የመዝገቡ ቀሪ ነው፤ ግን ከባንኩ ጋር የታረቀ መሆን አለበት። ሰኔ 28 የተጻፈ የ85,000 ብር ቼክ ባለቤቱ ሐምሌ ላይ ከመነዘረው ስቴትመንቱ ላይ ገና አልተቀነሰም። ሰኔ 30 ከሰዓት ገቢ የተደረገ 20,000 ብር ደግሞ በማግሥቱ ቢገባ ስቴትመንቱ አላየውም። 1,735,000 ሲቀነስ 85,000 ሲደመር 20,000፣ 1,670,000።

ማስታረቂያው ላይ የምታገኙት ነገር የባንክ የአገልግሎት ክፍያ ወይም ወለድ ከሆነ ግን ሌላ ነው። እሱ እናንተ ያልመዘገባችሁት እንቅስቃሴ ነው። መመዝገብ አለበት፤ ያኔ ዝርዝሩም መዝጊያውም አብረው ይቀየራሉ።

ከዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የሚረሳው አካውንት የትኛው ነው?

ቴሌብር። ደንበኛ በቴሌብር ይከፍላል፣ ሽያጩ ይመዘገባል፣ ሰኔ 30 ላይ እዚያ የተኛው ቀሪ ግን ባላንስ ሺቱ ላይ ቦታ አያገኝም። ያኔ ዝርዝሩ ከመዝጊያው በልጦ ይታያል።

ቀጥሎ የኤልሲ ማርጂን ነው። ዕቃ የሚያስመጡ ሰዎች ባንክ ላይ ያስያዙት ገንዘብ እንደፈለጉ የሚያወጡት ስላልሆነ በተለምዶ ከጥሬ ገንዘብ ውጭ ነው የሚያዘው። ችግሩ የሚመጣው አምና ውስጥ ተቆጥሮ ዘንድሮ ሲወጣ ነው። መነሻውና መዝጊያው የተለያየ ነገር እየቆጠሩ ሊገናኙ አይችሉም። ኦቨርድራፍትም እንዲሁ። በተጠየቀ ጊዜ የሚከፈልና አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚል፣ የዕለት ገንዘብ አያያዛችሁ አካል ከሆነ፣ ተቀናሽ ሆኖ ከጥሬ ገንዘቡ ጋር ሊቆጠር ይችላል። አለዚያ ብድር ነው። የመረጣችሁትን በሁለቱም ጫፍ ያዙ።

ከካዝና ወደ ባንክ የተወሰደ ገንዘብ ደግሞ እንቅስቃሴ አይደለም፤ የራሳችሁ ኪስ ለኪስ ዝውውር ነው። አንዱ ጎኑ ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ ልዩነቱ ልክ የዝውውሩን ያህል ይሆናል።

ኤክሴል ላይ ድምሩ ልክ ይመስላል፣ ግን አይገጥምም። በካልኩሌተር ስሠራው ሌላ ቁጥር ይመጣል።

አንዱ ቁጥር ጽሑፍ ሆኖ ተቀምጦ ይሆናል። ከሌላ ቦታ ተገልብጦ ሲለጠፍ ከጎኑ ባዶ ቦታ የያዘ (240,000) ለዓይን ቁጥር ነው፤ ለኤክሴል ግን ቃል ነው። `SUM` ዘልሎት ያልፋል። ልዩነቱ ከአንድ መስመር ጋር በትክክል እኩል ሲሆን ይህን ጠርጥሩ። መነሻው B2፣ ስምንቱ መስመሮች ከB4 እስከ B11፣ ምንዛሪው B13፣ የባላንስ ሺቱ መዝጊያ B15 ላይ ከሆኑ፣ እነዚህን ሁለት ቀመሮች በባዶ ሕዋስ ጻፉ፦

```
=ROUND(B2+SUM(B4:B11)+B13-B15,2)
=COUNTA(B4:B11)-COUNT(B4:B11)
```

ሁለቱም ዜሮ መስጠት አለባቸው። ሁለተኛው ዜሮ ካልሆነ ያን ያህል መስመር ጽሑፍ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። B15ን ደግሞ ከባላንስ ሺቱ አያይዙት እንጂ ከራሱ ከዝርዝሩ አታስሉት፤ አለዚያ ቁጥሩን ከራሱ ጋር እያወዳደራችሁ ነው።

ልዩነቱ 1 ብር ነው። ልተወው?

መግለጫው በሺዎች ተጠጋግቶ የቀረበ ከሆነና የ1 ልዩነት ከመጠጋጋቱ የመጣ ከሆነ ችግር የለውም። ያልተጠጋጋው ፋይል ላይ ግን ዜሮ መሆን አለበት። ልዩነቱ በ9 የሚካፈል ከሆነ፣ ለምሳሌ 9,000 ወይም 270፣ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል፤ 54,000 በ45,000 ቦታ እንደሚጻፈው ማለት ነው። ይሄም ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

አለቃዬ «ልዩ ልዩ» ብለህ ዝጋው ይለኛል። ምን ልበለው?

ከኋላው ምን ደረሰኝ እንደሚያያዝ ጠይቁት። ልዩ ልዩ የሚባል መስመር ሊኖር ይችላል፤ ግን ትናንሽ የታወቁ ክፍያዎች የተሰበሰቡበት ነው እንጂ የማይታወቅ ገንዘብ ማረፊያ አይደለም። በምሳሌያችን 300,000 ብሩን «ሌሎች ገቢዎች» ብሎ ማስገባት ይቻል ነበር። መዝጊያው ይገጥማል። ግን የብድር ክፍያው አሁንም ገቢ ሆኖ ይቀራል፣ የዶላሩ ለውጥም የለም፣ በዚያ ላይ ያልመጣ ገቢ ይጨመራል። ሁለት የነበረው ስህተት ሦስት ሆነ።

ልዩነቱን በዕለቱ ማግኘት ካልተቻለ፣ ረቂቁ ላይ «ያልተጣራ ልዩነት» ተብሎ በግልጽ ይጻፍና አካውንት በአካውንት የተሠራው ወረቀት ከጎኑ ይያያዝ። ኦዲተሩ ሲመጣ ከየትኛው አካውንት እንደሚጀምር ያውቃል። የአምናው የተፈረመ መግለጫ፣ የእያንዳንዱ ባንክ ማስታረቂያ፣ የሰኔ 30 የካዝና ቆጠራ ቃለ ጉባኤና የዕለቱ ምንዛሪ የታተመበት ወረቀት አብረው ከተቀመጡ አብዛኛው ነገር በአንድ ጠዋት ይፈታል።